አምስት ሆነን ጀምረን አራት ቀረን፦ የጠፋው ልጅ ድርሻ እንዴት ይከፋፈል?

የበሬሳዋ · ማክሰኞ፣ ከምሽቱ 2:10

ሰላም ለቤቱ። ደብረ ብርሃን ነን። ለጥናት ዘዴ ኮርስ የግሩፕ አሳይመንት ተሰጥቶናል፣ ከመቶ 25 ይያዛል። በባሶና ወራና ወረዳ በሁለት ቀበሌ 40 ገብስ አምራች ገበሬዎችን በመጠይቅ ጠይቀን ሪፖርት እናስገባለን፣ ከዚያ ፕረዘንቴሽን አለ። ማስረከቢያው የሚመጣው ረቡዕ ነው፤ ስምንት ቀን ቀርቶናል።

ልጆቹን በፊደል ልጥራቸው፦

ሀ፦ መጠይቁን ማዘጋጀትና ወደ አማርኛ መመለስ፣ 12 ገበሬ መጠየቅ። ሁለቱንም ጨርሷል።
ለ፦ 8 ገበሬ መጠየቅ፣ የቀደሙ ጥናቶችን ክፍል መጻፍ። ጨርሳለች።
ሐ፦ 10 ገበሬ መጠየቅ፣ ትንተናውን መሥራት። ጠይቆ ጨርሷል፣ ትንተናው ገና ነው።
መ (እኔ)፦ ሪፖርቱን ማቀናጀትና ስላይድ። ገና ነኝ፣ የማቀናጀው ነገር አልመጣማ።
ሠ፦ 10 ገበሬ መጠየቅ፣ የአርባውንም መጠይቅ ኤክሴል ላይ ማስገባት።

ሠ ከጠፋ 11 ቀኑ ነው። ቴሌግራም ላይ የሚጻፍለት አይደርሰውም፣ ስልኩ አንዳንዴ ይጠራል፣ አንዳንዴ ዝግ ነው። የጠየቃቸው ሰዎች መጠይቅ እሱ ጋ ነው። የሌሎቻችን 30 ወረቀት እኔ ዶርም ተቀምጧል።

የሱን ሥራ አራታችን እኩል እንካፈለው ወይስ እንዴት እናድርግ? ስሙስ ይግባ?

---

መንዜው · ከምሽቱ 2:31

ይሄ ምን ያስጨንቃል። ከዛሬ ጀምሮ እሱን አትጠብቁ። ሥራውን ለአራት እኩል ቁረጡት፣ እያንዳንዳችሁ ሰባት ስምንት መጠይቅ ታስገባላችሁ፣ በአንድ ማታ ያልቃል። የጎደሉትን አሥር ወረቀቶች ደግሞ የሞሉትን ሠላሳውን አይታችሁ ቁጭ ብላችሁ ሙሉ፣ ገበሬው መልሱ ያው ነው። ከቨር ፔጅ ላይ ስሙን አታስገቡ። አለቀ።

---

ሰንጠረዥ · ከምሽቱ 3:05

መንዜው፣ "አትጠብቁ" ያልከው ትክክል ነው። እሱን እየጠበቁ ሦስት ቀን ካለፈ ትንተናው በአንድ ሌሊት ይሠራል፣ በአንድ ሌሊት የተሠራ ትንተና ደግሞ ያስታውቃል። የቀረው ምክርህ ግን ሁለተኛ ችግር ይወልዳል።

መጠይቅ ማስገባት ለአራት እጅ የሚበተን ሥራ አይደለም። ምክንያቱን በመሬት ጥያቄ ላይ ላሳያችሁ። ገበሬው ስንት መሬት እንዳለው ስትጠይቁት በጥማድ ነው የሚነግራችሁ። በተለምዶ አራት ጥማድ አንድ ሄክታር ተብሎ ይያዛል። አንደኛው አስገቢ "4" ብሎ የተነገረውን እንዳለ ይጽፋል፣ ሌላኛው ወደ ሄክታር ለውጦ "1" ይላል። ሠላሳውም ገበሬ አንድ አንድ ሄክታር ቢኖራቸውና ግማሹ በአንደኛው፣ ግማሹ በሌላኛው መንገድ ቢገባ አማካዩ 2.5 ይወጣል። 2.5 ሄክታር ደግሞ እዚያ አካባቢ ብዙም ባይገኝ እንኳ ወረቀት ላይ ሲያዩት አያስደነግጥም፤ ማንም ሳይነቃ እስከ ማጠቃለያው ይሄዳል።

ሁለተኛው ባዶ መልስ ነው። ስድስት ሰው ያምናውን ምርት አላስታውስም አለ እንበል። አንዱ ሴሉን ባዶ ይተወዋል፣ ሌላው ዜሮ ይጽፋል። ኤክሴል አማካይ ሲያወጣ ባዶውን ይዘለዋል፣ ዜሮውን ግን ይቆጥረዋል። የመለሱት 24 ሰዎች በአማካይ 20 ኩንታል ቢያገኙ ትክክለኛው መልስ 20 ነው፤ ስድስቱ ዜሮ ተብለው ከገቡ 16 ይሆናል። አራት ኩንታል በአንድ ሰው የአጻጻፍ ልማድ ጠፋ ማለት ነው።

ስለዚህ የሚከፋፈለው ሰዓት ነው እንጂ ወረቀት አይደለም። ማስገባቱን ለሁለት ሰው ስጡ፣ ሁለቱም አብረው ይቀመጡ። አንዱ ጮክ ብሎ ያነባል፣ አንዱ ይጽፋል። የሌሎቹን ድርሻ በሌላ ሥራ አካክሱት። የበሬሳዋ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ የገመታችሁት ሰዓት አለ? ካለ ላኪው፣ ላስላልሽ።

---

ሴክሽን_3 · ከምሽቱ 3:12

የኛስ? እኛ ጋ አንዱ ሰቃይ ሁሉንም ለብቻው ሠርቶ "እናንተ ታበላሹታላችሁ" ብሎ ፋይሉን አያሳየንም። ፕረዘንቴሽን ላይ ግን ተጠያቂዎቹ እኛ ነን። ይሄስ ፍትሕ ነው?

---

የጫጫዋ · ከምሽቱ 3:20

ወንድሜ፣ ያንተ የተገላቢጦሽ ነው፤ እዚህ የተጠየቀው ሰው ጠፍቶ ነው። ለብቻው ክር ክፈትለት፣ ብዙ ሰው ይመልስልሃል። ለጊዜው ግን ሙሉ ፋይሉን ከመለመን አንድ የተወሰነ ክፍል በእጅህ ጽፈህ ስጠው። ያለቀ ነገር ሲመጣለት እምቢ ማለት ይከብደዋል።

---

የበሬሳዋ · ከምሽቱ 3:48

@ሰንጠረዥ በሰዓት አላሰብነውም ነበር፣ አሁን ከልጆቹ ጋር ቁጭ ብለን ገመትን። መጠይቅ ማዘጋጀት 6፣ አንድ ገበሬ መጠየቅ ግማሽ ሰዓት ስለሆነ 40ው 20፣ ማስገባት ለአንድ ወረቀት 12 ደቂቃ ስለሆነ 8፣ ትንተና 7፣ የቀደሙ ጥናቶች 8፣ ማቀናጀት 5፣ ስላይድ 6። ድምሩ 60 ሰዓት። መንገዱን አልቆጠርንም፣ የሄድን ሁሉ እኩል ነው የሄድነው።

---

ሰንጠረዥ · ከምሽቱ 4:25

ጥሩ። መጀመሪያ ያደላደላችሁት መጥፎ አልነበረም፦ ሀ 12፣ ለ 12፣ ሐ 12፣ አንቺ 11፣ ሠ 13። ስህተቱ ከዚያ ላይ አይደለም። ስህተቱ የሌሎች ሁሉ ሥራ የሚያልፍበትን በር ለአንድ ሰው ብቻ መስጠታችሁ ነው። ማስገባቱ ካልተሠራ ሐ አይተነትንም፣ ሐ ካልተነተነ አንቺ አታቀናጂም። የቀደሙ ጥናቶችን ክፍል ይዞ የጠፋ ሰው ቢሆን ኖሮ ስምንት ሰዓት ብቻ ነበር የምታጡት። ለሚቀጥለው፣ መሀል ላይ ላለ ሥራ ሁለት ሰው መድቡ፤ ጫፍ ላይ ያለውን አንድ ሰው ይያዘው።

አሁን ወደ ሂሳቡ። አሥሩ ወረቀት አይመጣም ብለን እንነሳ። በእጃችሁ ያለውን 30 ብቻ ለማስገባት አንድ ሰው 6 ሰዓት ይፈጅበታል። ሁለት ሰው አብሮ ሲሠራ ግን አንዱ ወረቀት በ7 ደቂቃ ያልቃል፣ 30ው በሦስት ሰዓት ተኩል። ለሁለት ሰው ሲባዛ 7 ሰዓት ነው፣ አንድ ሰዓት ይጨምርባችኋል ማለት ነው፣ ግን ስህተቱ እዚያው ይያዛል።

ማን ያስገባ? ሀ እና አንቺ። ሀ መጠይቁን ስላዘጋጀ እያንዳንዱ ጥያቄ ምን ለማለት እንደሆነ ያውቃል፤ አንቺ ከሁሉ ያነሰ ሰዓት ነው የያዝሽው። ሀ ያንብብ፣ አንቺ ጻፊ። ሐን አትንኩት። የሚተነትነው ራሱ ካስገባ የገዛ ስህተቱን አያይም።

ከዚያ ማካካሻው፦ ከአንቺ ስላይድ አንድ ሰዓት ለ ትውሰድ፣ የቀደሙ ጥናቶቹን ስላይድ፣ ክፍሉን እሷ ስለጻፈችው ታውቀዋለች። ከማቀናጀቱ አንድ ሰዓት ሐ ይውሰድ፣ ሰንጠረዦቹን ራሱ አስተካክሎ ይስጥሽ። ውጤቱ ሀ 15 ሰዓት ተኩል፣ ለ 13፣ ሐ 13፣ አንቺ 12 ተኩል ይሆናል። ፍጹም እኩል አይደለም። ሀ ጨርሶ የተቀመጠ ሰው ነው፣ የሠራውን መልሰን ልንወስድለት አንችልም። እሱን ከፕረዘንቴሽኑ ዝግጅት ነፃ አድርጉት፣ የቀረውን ልዩነት ደግሞ በነጥብ ጊዜ አስታውሱለት።

ስትቀመጡ ከመጀመሪያው ወረቀት በፊት አንድ ገጽ ሕግ ጻፉ፦ መሬት በጥማድ ብቻ ይገባል፣ መለወጡ በኋላ በፎርሙላ፤ አላውቅም ወይም አላስታውስም ያለ ባዶ ይተዋል፤ ዜሮ የሚጻፈው ገበሬው ራሱ "ምንም" ካለ ብቻ። እያንዳንዱን ወረቀት በጠየቀው ሰው ፊደል ቁጠሩት፣ ሀ-01፣ ሀ-02 እያላችሁ፣ ቁጥሩም ኤክሴሉ የመጀመሪያ አምድ ላይ ይግባ። አጠራጣሪ መልስ ሲገኝ ማንን እንደምትጠይቁ ያኔ ታውቃላችሁ።

ሲያልቅ በእያንዳንዱ የቁጥር አምድ ላይ ይሄን አስሉ፣ መሬቱ አምድ E ላይ ከሆነ፦

```
=MIN(E2:E31)
=MAX(E2:E31)
=COUNTBLANK(E2:E31)
```

ትልቁ ቁጥር 40 ጥማድ ካሳየ ምናልባት 4.0 ነው፣ ነጥቡ ጠፍቶ ነው። ወረቀቱን አውጥታችሁ እዩ።

---

መንዜው · ከምሽቱ 4:40

እሺ ማስገባቱ ላይ ተሸነፍኩ። ግን አሥሩ ወረቀትስ? 40 ተባለ እንጂ 30 አልተባለም። መምህሩ ነጥብ ይቆርጣል።

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ረቡዕ፣ ከጠዋቱ 1:15

እንዲህ ዓይነት ሪፖርት የማርም ነኝ፤ አሥሩን ወረቀት በተመለከተ ልናገር።

ጠረጴዛ ላይ የተሞላ መጠይቅ ይታወቃል። መስክ ላይ የተሞላ ወረቀት ይጨማደዳል፣ ጥግ ላይ የተሰረዘ ነገር አለው፣ ገበሬው ሲመልስ ያላሰባችሁት ነገር ስለሚል ኅዳግ ላይ ይጻፋል። የተፈበረከው ንጹሕ ነው፣ አሥሩም በአንድ እስክሪብቶ፣ በአንድ ዓይነት ግፊት። ቁጥሮቹ ደግሞ ይበልጥ ያጋልጣሉ። እውነተኛ ገበሬ "ሦስት ጥማድ ተኩል፣ አንዱን ተኩል ለእኩል ሰጥቼዋለሁ" ይላል። የተፈበረከው 2፣ 3፣ 4 ነው፣ ባዶ መልስ የለውም፣ ጽንፍም የለውም። እኔ 30 ያለውን ሪፖርት ከአርባው ስለጎደለ ጥቂት ነጥብ እቀንስበት ይሆናል። የተፈበረከ ካገኘሁ ግን ጉዳዩ ከነጥብ ያልፋል፣ ያኔ ደግሞ የሚጠየቁት የሠሩት አራቱ ናቸው፣ የጠፋው አይደለም። ይሄን አስቡት።

ትክክለኛው መንገድ በዘዴ ክፍሉ ላይ እቅዱ 40 እንደነበረ፣ የተተነተነው 30 እንደሆነ፣ የጎደለውም ለምን እንደሆነ በሁለት ዓረፍተ ነገር መጻፍ ነው። አንድ ነገር ግን አጣሩ፦ የጎደሉት አሥሩ ከየትኛው ቀበሌ ናቸው?

---

የበሬሳዋ · ከጠዋቱ 1:50

አመሰግናለሁ መምህር። ሀ እና ለ የጠየቁት 20 ከአንደኛው ቀበሌ ነው። የሐ 10 እና የሠ 10 ከሁለተኛው።

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ከጠዋቱ 2:05

እንግዲያው የጎደለው ከአርባው ሩብ ብቻ አይደለም፣ የሁለተኛው ቀበሌ ግማሽ ነው። ከዓላማዎቻችሁ አንዱ ሁለቱን ቀበሌዎች ማወዳደር ከሆነ 20 ለ 10 ሆኖ ይዳከማል። ወይ ያንን ዓላማ አውጡት፣ ወይ አስቀምጡትና ድምዳሜውን አለስልሱት። የትኛው እንደሚሻል ግን ለራሳችሁ አትወስኑ፣ መምህራችሁን ጠይቁ። ዛሬውኑ። ከማስረከቢያው ሰባት ቀን ቀድሞ የመጣ ጥያቄ ጥያቄ ነው፤ በማስረከቢያው ዋዜማ የመጣ ማመካኛ ይመስላል።

ስትጽፉለትም ክስ አትጻፉ። "እገሌ አይሠራም" የሚል መልእክት ሲመጣልኝ የማደርገው ነገር የለኝም፣ "ተስማሙ" እላለሁ። ልወስን የምችለውን ነገር ስጡኝ። እንዲህ ያለ በቂ ነው፦

"ሰላም መምህር። የግሩፕ … ተወካይ ነኝ። ከአምስታችን አንዱን ላለፉት 11 ቀናት ማግኘት አልቻልንም፤ በእሱ በኩል ያሉት 10 መጠይቆች በእጃችን የሉም። 30ው ዝግጁ ነው፣ ከነገ ጀምሮ እናስገባለን። ሁለት ነገር እንጠይቃለን፦ በ30 ብንቀጥል ይፈቀዳል? ሁለቱን ቀበሌዎች የማወዳደሩን ዓላማ እንተወው? አባሉን እስከ ሐሙስ ማታ ድረስ ለማግኘት እየሞከርን ነው፤ ውጤቱን ዓርብ እናሳውቅዎታለን።"

ስለ ስሙና ስለ ነጥቡ በዚህ መልእክት ላይ አታንሱ።

---

ጣርማበር · ከጠዋቱ 3:30

ሁላችሁም ከቀሪዎቹ ወገን ሆናችሁ ነው የምታወሩት። በጠፋው ወገን ያለ ሰው ልጠይቅ፦ ግሩፑን ጥሎ ቤተሰብ ጋ የሄደ፣ ኔትወርክ በሌለበት የከረመ፣ አሁን ለመመለስ ያፈረ ሰው ምን ይበል? ቴሌግራሙን ሲከፍት ስልሳ መልእክት ነው የሚጠብቀው፣ አብዛኛው ስድብ። ያኔ መልሶ ይዘጋዋል። እውነቱን ልንገራችሁ፣ እንዲህ ያለ ሰው ብዙ ነው።

---

ሰንጠረዥ · ከጠዋቱ 4:10

ጥሩ ነው ያነሳኸው፣ መልእክቱ ላይ ሁሉም ይሳሳታል። የበሬሳዋ፣ ለሠ የምትልኩት መልእክት አንድ ሰው ብቻ ይላክለት፣ አራታችሁም አትጻፉለት። ዳታ ላይኖረው ስለሚችል በቴሌግራም ሳይሆን በተራ የስልክ መልእክት። አንድ ጊዜ ደውሉ፤ ካላነሳ ለዶርም ጓደኛውና ለሴክሽን ተወካዩ ንገሩ። ቤት ሐዘን ወይም ሕመም ካለ በዚያ በኩል ነው የሚሰማው፣ ከተሰማ ደግሞ ወሬው ሁሉ ይለወጣል፤ የነጥቡን ነገር ትታችሁ ወረቀቱን ብቻ ፈልጉ።

መልእክቱ "ለምን ጠፋህ" አይበል። ሥራውን እንዲሠራም አይጠይቅ፣ በሰባት ቀን ውስጥ 13 ሰዓት ሥራ ሲጠየቅ ነው ሰው የሚሸሸው። የሚፈለገው ወረቀቱ ነው። ለምሳሌ፦

"ሰላም ነህ? ደህና መሆንህን ንገረን። ማስገባቱን እኛ ጀምረነዋል፣ አንተ አትጨነቅበት። የሞላሃቸው መጠይቆች የት እንዳሉ ብቻ እስከ ሐሙስ ማታ አሳውቀን፣ ሰው ልከን እናመጣዋለን። ከዚያ ካልሰማን በ30 እንቀጥላለን፣ ለመምህሩም እንዲሁ እንነግራለን።"

የተጻፈው ቀን ማስፈራሪያ አይደለም፣ እናንተም የምትጠብቁበት ገደብ ነው። ወረቀቱ ዓርብ ከሰዓት በፊት ከደረሰ አስገቡት፣ ለሁለት ሰው ከአንድ ሰዓት ትንሽ የሚያልፍ ሥራ ነው። ከዚያ በኋላ ከመጣ ግን በሩን ዝጉ። ሐ ሰንጠረዥ መሥራት ከጀመረ አንድ ወረቀት እንኳ ቢጨመር ሁሉም መቶኛ ይለወጣል፣ ግማሹ ተስተካክሎ ግማሹ ይቀራል።

ጣርማበር፣ ለሚመለሰው ሰው ደግሞ ያለኝ መልስ ይሄ ነው። ይቅርታውን ባጭሩ ይበልና አንድ ትንሽ፣ ብቻውን የሚያልቅ፣ ሠርቶት እንደሆነና እንዳልሆነ ወዲያው የሚታይ ሥራ ይጠይቅ። እዚህ ጉዳይ ላይ ለምሳሌ ከገቡት ወረቀቶች ስድስቱን በዕጣ አውጥቶ ከኤክሴሉ ጋር በየመልሱ ማመሳከር። ከሁለት ሰዓት አይበልጥም፣ ለግሩፑ ግን በእውነት ይጠቅማል፣ ምክንያቱም ያላስገባው ሰው ዓይን ነው ስህተት የሚያገኘው።

---

የጫጫዋ · ከቀኑ 6:00

ወደ ነጥቡ እንምጣ፣ ሁሉም የሚፈራው እሱን ነው።

የኛ አገር ሰው ይሄን ያውቀዋል። ደቦ ላይ የመጣው ይምጣ፣ ጠላው ይጠጣል፣ ማን ስንት ሰዓት አጨደ ብሎ የሚቆጥር የለም። ወንፈል ግን ይቆጠራል። አንድ ቀን ከሄድኩልህ አንድ ቀን አለብህ። የግሩፕ አሳይመንት በወንፈል መንገድ መያዝ ሲገባው በደቦ መንገድ ነው የምንይዘው። በ1913 እ.ኤ.አ. ማክስ ሪንገልማን የሚባል ፈረንሳዊ የግብርና መሐንዲስ የገመድ ጉተታ ሙከራ አሳትሞ ነበር፤ ጎታቹ በበዛ ቁጥር የእያንዳንዱ ጉልበት ይቀንሳል። በኋላ የመጡት ደግሞ የእያንዳንዱ ድርሻ ለብቻው እንደሚታይ ሲነገራቸው መዘናጋቱ እንደሚቀር አሳዩ። የሰንጠረዥ "ሀ-01፣ ሀ-02" ለዚህም ይጠቅማል።

ነጥቡን በተመለከተ የታወቀ ዘዴ አለ። እያንዳንዱ አባል ራሱን ሳይጨምር ሌሎቹን ከ5 ይሰጣል። የእያንዳንዱ ሰው አማካይ ለግሩፑ አማካይ ይካፈላል፣ የወጣው በሪፖርቱ ነጥብ ይባዛል። ሪፖርታችሁ ከ25 20 አመጣ እንበል። ሀ እና ለ 4.5፣ ሐ እና መ 4፣ ሠ 1 ቢያገኙ የግሩፑ አማካይ 3.6 ነው። ሠ 1 ለ 3.6 ሲካፈል 0.28፣ በ20 ሲባዛ 5.6 ያገኛል። ፍትሐዊ ነው።

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ከቀኑ 7:40

የጫጫዋ፣ የሠን አየሽ፣ የሀን አላየሽም። 4.5 ለ 3.6 ሲካፈል 1.25 ነው፣ በ20 ሲባዛ 25። ሪፖርቱ 20 ብቻ የሚገባው ሆኖ ሳለ ሀ ከ25 25 አመጣ። የሠ መጥፋት አማካዩን ስላወረደው ሌሎቹን ሁሉ ከሪፖርቱ በላይ አነሳቸው። አንድ ሰው በጠፋ ቁጥር የቀሩት ይከብራሉ ማለት ነው፤ እንዲህ ከሆነ ደግሞ የጠፋውን መፈለግ ለማን ይጠቅማል?

ይሄን ለማረም አማካዩን ከሠሩት ከአራቱ ብቻ ማውጣት ይቻላል። 4.25 ይሆናል። ያኔ ሀ እና ለ 21.2፣ ሐ እና መ 18.8፣ ሠ 4.7 ያገኛሉ። ይሄ ከእውነቱ ይቀርባል።

---

የጫጫዋ · ከቀኑ 8:05

ልክ ነዎት፣ ያንን ጎን አላሰላሁትም። ግን ማን ሠራ ማን አልሠራም የሚለውን መስመር ማን ያሰምራል? ሠ ከ5 2 ቢያገኝስ፣ ከሠሩት ነው ካልሠሩት? ደግሞ አራት ጓደኛሞች ተስማምተው አንዱን ቢጥሉትስ?

---

ቀይ_እስክሪብቶ · ከቀኑ 8:30

ለሁለተኛው፣ ነጥብ ሳይሆን ሥራ አሳዩኝ እላለሁ። ማን ምን ሠራ የሚል አንድ ገጽ፣ ከነቀኑ፣ ከሪፖርቱ ኋላ ተያይዞ ይምጣ፤ ሠ ራሱም አይቶት ይፈርምበት ወይም የማይስማማበትን ይጻፍ። ለመጀመሪያው ጥያቄሽ ጥሩ መልስ የለኝም። አንዳንዱ መምህር ግማሹን ነጥብ ለሁሉም እኩል ሰጥቶ ግማሹን ብቻ በዚህ ሂሳብ ያስተካክላል። ያኔ ግን የጠፋው ሰው ምንም ሳይሠራ 10 ይዞ ይነሳል። የማይቀበለውም መምህር አለ፣ ስድሳ ተማሪ ይዞ ይሄን ሁሉ የሚያሰላ ስንቱ ነው። ኮርሱ ሲጀመር ተጠይቆ ያልተፈቀደ ሂሳብ መጨረሻ ላይ አይመጣም።

ስሙን ግን አታውጡ። የስም ዝርዝሩን የሚወስነው መምህሩ ነው። ስሙን አስገቡ፣ የሠራውን ደግሞ በአንድ ገጹ ላይ እንዳለ ጻፉ።

---

መንዜው · ከቀኑ 8:44

ምንም ያልሠራ ሰው ስሙ ከኔ ስም አጠገብ? አይዋጥልኝም።

---

የበሬሳዋ · ዓርብ፣ ከጠዋቱ 3:20

ዜና። መምህሩ በ30 ቀጥሉ፣ ማወዳደሩን ግን አስቀምጡና በጥንቃቄ ጻፉ ብሎ መለሰ። ከሀ ጋር ማስገባቱን በሁለት ማታ ጨረስን፣ በሰባት ደቂቃ አይደለም፣ መጀመሪያዎቹ አምስቱ አሥራ አምስት አሥራ አምስት ደቂቃ ፈጁብን፣ ከዚያ ፈጠነ። MAX ስናወጣ አንዱ ላይ 35 ጥማድ አገኘን፤ ወረቀቱ ላይ 3.5 ነው።

ሠም ትናንት ማታ ለተራው መልእክት መለሰ። መሐል ሜዳ ቤተሰብ ጋ ነው፣ ምክንያቱን አልጠየቅነውም። ወረቀቶቹ ዶርሙ ሎከር ውስጥ ናቸው፣ ቁልፉ ከጓደኛው ጋር። ዛሬ ጠዋት አወጣናቸው። አሥር አይደሉም፣ ሰባት ናቸው። ሦስቱን አልጠየቀም ነበር። ሰኞ እመጣለሁ ብሏል፣ የማመሳከሩን ሥራ ሰጥተነዋል። ስለ ነጥቡ ገና አልተስማማንም፤ ሀ "ሰባት ገበሬ የጠየቀ ሰው ምንም አልሠራም አይባልም" ይላል፣ ለ ደግሞ 13 ሰዓት ተሰጥቶት ሦስት ሰዓት ተኩል ነው የሠራው ትላለች።

---

ሰንጠረዥ · ከጠዋቱ 3:55

ሁለቱም ልክ ናቸው፤ አንድ ገጹ ላይ "7 መጠይቅ ሞልቷል፣ 3 መጠይቅና ማስገባቱን አልሠራም" ብላችሁ ጻፉና ለመምህሩ ተዉት።

ሰባቱን ዛሬ ከሰዓት በፊት አስገቧቸው፣ ሠ-01 ብላችሁ ጀምሩ። ሁለተኛው ቀበሌ 17 ሆነ፣ ከ20 ጋር ለማወዳደር አያሳፍርም። ሐ ከ37 ውጭ በሌላ ቁጥር መቶኛ እንዳያወጣ ንገሪው፤ ፎርሙላዎቹ E31 ላይ የቆሙ ከሆኑ ወደ E38 ይዘርጉ፣ አለዚያ ሰባቱ ገብተውም አይቆጠሩም። ሪፖርቱን ስታቀናጂ ደግሞ Ctrl+F ተጭነሽ "40" እና "30" ፈልጊ። አብስትራክቱን ቀድሞ የጻፈው ሰው አለ አይደል፣ እዚያ ውስጥ አንዱ ሳይቀር አይቀርም።